የጨው ወንድም

አክስቴ ስኳርና ግፊት ከያዛት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሐኪሟ በየቀጠሮው የሚደግምላት ነገር አንድ ነው፤ «እናቴ፣ ጨው ይቀንሱ»። እሷም አልታገለችም አይባልም። ለራሷ ትንሽ ድስት ለይታ ያለ ጨው ምስር ትሠራለች፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ታስቀምጠዋለች። «ይሄማ ወጥ አይደለም፣ ውኃ ነው» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ልጇ ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ክብ ቆርቆሮ ይዛላት መጣች። በውስጡ ያለው ነጭና ደቃቅ ነው፤ ከጨው ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ላዩ ላይ ሶዲየም የለበትም የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። «እማዬ፣ ይሄ ጨው አይደለም፣ እንደ ልብሽ ነስንሺው» አለቻት። አክስቴ ደስ አላት። ምስሩ ላይ፣ እንቁላሉ ላይ፣ የቲማቲም ሰላጣው ላይ ነሰነሰች። ትንሽ መረር ይላል፣ ግን ከባዶው ይሻላል አለች። ጨውነቱ ደከም ሲልባትም መጠኑን ጨመረች።

በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቷ ከዳት። የቤቷን አራት ደረጃ ለመውጣት ግድግዳ መያዝ ጀመረች። ልቧ አንዳንዴ እንደሚዘል፣ አንዳንዴም ቀጥ እንደሚል ነገረችኝ። ስኳሯ ወርዶ ይሆናል ብለን ስንለካው ደህና ነው፤ ግፊቷም ከወትሮው የተሻለ ነበር። ሐኪም ቤት ወስደናት ደሟ ሲመረመር ግን ፖታሲየሟ 6.4 ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ወዲያው የልብ ምርመራ አዘዘ። በኢሲጂው ላይ አንዱ ሞገድ እንደ ድንኳን ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሹል ሆኗል። ልቧን እንዲጠብቅላት ካልሲየም በደም ሥሯ ሰጧት፤ ቀጥሎም ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር። ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች።

ቆርቆሮው አልዋሸም። ሶዲየም የለበትም ሲል እውነቱን ነው። ከመካከላችን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ሶዲየሙ ወጥቶ በቦታው ምን ገባ? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ብዬ ነው፤ ምክንያቱም ይኸው የገባው ነገር ለብዙ ሰው መድኃኒት የሚሆነውን ያህል፣ እንደ አክስቴ ላለው ሰው ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

የምንበላው ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ተጣምረው የሚሠሩት ነው፤ የኬሚስትሪ ተማሪ NaCl ብሎ ይጽፈዋል። ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ሶዲየም ነው። ስለዚህ 5 ግራም ጨው፣ ማለትም ተመጥኖ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ 2 ግራም ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከዚህ እንዳይበልጥ ይመክራል። የአክስቴ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ክሎራይድ፣ KCl፣ ነው። ክሎሪኑ ያው ነው፤ ሶዲየም ብቻ ወጥቶ ፖታሲየም ገብቷል። ከክብደቱ 52 በመቶው ፖታሲየም ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው ብል አላጋነንኩም፤ አገራችን ውስጥ አንድ ቤት ይኖራሉና። በደናክል ረባዳ፣ በአሳሌ ሐይቅ ዳር፣ ሰዎች የአሞሌ ጨው እየፈለጡ በግመል ይጭናሉ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ዳሎል ደግሞ የፖታሽ አገር ነው፤ በፖታሲየም ጨው የበለጸገ ንብርብር ከመሬቱ ሥር አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፖታሹ እየተቆፈረ ከመርሳ ፋጥማ የባሕር ዳርቻ በተዘረጋ ሐዲድ ይጓጓዝ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የባሕር ውኃ ታስሮ ሲተን የገበታ ጨው ቀድሞ ይረጋል፤ የፖታሲየሙ ጨው ግን ውኃው እጅግ እስኪወፍር ድረስ ሟሙቶ ይቆይና ዘግይቶ ይረጋል። አንዱ ባሕር ሁለቱንም ጥሎልን ሄዷል። ከዓለም ፖታሽ አብዛኛው ለማዳበሪያ የሚውል ሲሆን፣ ለምግብ የሚሸጠው ተጣርቶ የተዘጋጀው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሳላርም ማለፍ አልችልም። በየሱፐርማርኬቱ በውድ የሚሸጠው ሮዝ ጨው፣ የባሕር ጨው፣ ድንጋዩም አሞሌም፣ ሁሉም ያው ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው። ቀለሙ ከጥቂት ሌላ ማዕድን ይመጣል፤ ሶዲየሙ ግን አልቀነሰም። ለግፊት ብሎ ሮዝ ጨው የገዛ ሰው ቀለም ገዝቷል። የጨው ምትክ የሚባለው ከሶዲየሙ ቢያንስ ከፊሉ ወጥቶ በሌላ የተተካው ብቻ ነው፤ ያ ሌላ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው።

ምትኮቹም እርስ በርስ አይመሳሰሉም። አንዳንዱ እንደ አክስቴ ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። አንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሏል። ሌላው ደግሞ ሦስት እጅ የገበታ ጨው፣ አንድ እጅ የፖታሲየም ጨው ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ ምላስ ላይ ጨውነት አለው፤ ግን ከኋላው የብረት ዓይነት ምሬት ይከተለዋል። ሩብ ያህል ሲቀላቀል ምሬቱን የሚለይ ብዙ ሰው የለም፤ በርበሬና ሽንኩርት የገባበት ወጥ ውስጥ ደግሞ የባሰ ይጠፋል። ሙሉውን ሲሆን መደበቂያ የለውም።

ለመሆኑ እነዚህ ሁለት ነገሮች ከግፊት ጋር ምን አገናኛቸው? ሰውነታችን ሁለቱን በየቦታቸው ያኖራቸዋል፤ ፖታሲየም በሕዋስ ውስጥ፣ ሶዲየም ከሕዋስ ውጭ፣ በደምና በዙሪያው ባለው ፈሳሽ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ሲያስወጣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ የሚያስገባ ፓምፕ አለው፤ ሌት ተቀን አያርፍም። ሶዲየም ባለበት ውኃ ይከተላል። ጨው የበዛበት ምግብ ስንበላ ውኃ የሚጠማን ለዚህ ነው፤ ኩላሊት ትርፉን ቶሎ ካላስወጣው ደሙ ይበዛል፣ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ግፊትም ይጨምራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የፖታሲየሙን ሥራ ነው። ኩላሊት ደሙን ካጣራ በኋላ ወደ ሽንት ከሚሄደው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈልገውን ሶዲየም መልሶ ይወስዳል። በቀጭኖቹ ቱቦዎች መጨረሻ አካባቢ ለዚህ ሥራ የተሠራ በር አለ። ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና ኩላሊት ሶዲየሙን ጠራርጎ ይመልሳል። ፖታሲየም ሲበዛ በሩ ይጠባል፤ ሶዲየሙ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ እኩል ጨው የበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ድንችና ጎመን እያዘወተረ ሌላው ነጭ ዳቦና ፓስታ ብቻ ከበላ፣ ጨዉ በሁለቱ ላይ እኩል አይከብድም። ፖታሲየም የደም ሥሮችን ዘና እንዲሉም ይረዳል። የጨው ምትክ በሁለት እጁ ይሠራል የሚባለው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ በአንዱ ሶዲየም ይቀንሳል፣ በሌላው ፖታሲየም ይጨምራል።

ይህ በወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሰሜን ቻይና ገጠር 600 መንደሮች ተመርጠው፣ ወደ 21,000 የሚጠጉ ሰዎች ለአምስት ዓመት ገደማ ተከታትለዋል። አብዛኞቹ ከዚህ ቀደም ስትሮክ መትቷቸዋል፤ የቀሩት 60 ዓመት የሞላቸው ግፊት ያለባቸው ናቸው። ለግማሾቹ መንደሮች 75 በመቶው የገበታ ጨው፣ 25 በመቶው ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ድብልቅ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ በለመዱት ጨው ቀጠሉ። መድኃኒት አልተጨመረም፣ ምግባችሁን ቀይሩ አልተባሉም፤ የጨው ዕቃቸው ውስጥ ያለው ብቻ ተለወጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ የግፊቱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ3 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። 3 ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስትሮክ በ14 በመቶ፣ በማንኛውም ምክንያት የደረሰ ሞትም በ12 በመቶ ቀነሰ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከጨው ዕቃ ይህን ያህል መጠበቅ አይታሰብም ነበር።

ከዚህ ጥናት ጋር አብሮ መነገር ያለበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ፖታሲየም የሚያስቀር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ከመጀመሪያውም አልገቡበትም፤ አክስቴ ብትሆን ኖሮ ከበሩ ትመለስ ነበር። የተሳታፊዎቹ ፖታሲየምም በየጊዜው በደም ምርመራ አልተለካም፤ የታየው ታመው የተገኙት ቁጥር ነው፤ በሁለቱም ወገን እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው፣ የእነዚያ መንደሮች ሰዎች ጨው የሚበሉት በአብዛኛው ቤታቸው ውስጥ በገዛ እጃቸው ጨምረው ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ግን ከሚበላው ሶዲየም አብዛኛው ከዳቦው፣ ከታሸገው ምግብና ከሬስቶራንቱ ይመጣል፤ የገበታ ጨዉን ቢቀይር የሚቀየረው ጥቂት ነው። የአክስቴ ልጅ ለእናቷ የገዛችውን ቆርቆሮ ለራሷም ገዝታለች፤ ምሳዋን ግን በየቀኑ ከውጭ ነው የምትበላው።

የእኛ ወጥ ቤት ከቻይናው መንደር ጋር ይመሳሰላል። ጨው ከእጃችን ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት የአንድ ኢትዮጵያዊ አዋቂ የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። የራስን ቤት ለማወቅ ግን ጥናት አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ጨው ሲከፈት ቀኑን የማሸጊያው ላስቲክ ላይ ይጻፉ፤ ያለቀበትንም ይጻፉ። አምስት ሰው ባለበት ቤት ኪሎው በ20 ቀን ካለቀ፣ 1,000 ግራም ለ100 ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 10 ግራም ይደርሰዋል። በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ የገባው ጨው ከዚያው ኪሎ ከሆነ ተቆጥሯል፤ ተፈጭቶ ከሱቅ ከተገዛ ግን አልተቆጠረም፣ ዳቦውም እንዲሁ። በተቃራኒው የተደፋ ወጥና ትንንሽ ልጆች ቁጥሩን ያዛቡታል። ግምት ነው፤ ግን ሰውን ከእንቅልፉ የሚያነቃ ግምት ነው። አንዲት ጎረቤቴ ሠርታው «እኛ ጨው አንወድም» ማለቷን አቁማለች።

በዚያ ቤት የነበረው ጨው ሦስት እጅ ለአንድ በተቀላቀለው ይቀየር እንበል። ያው 10 ግራም ቢጨመር፣ ሶዲየሙ ከ3.9 ግራም ወደ 2.9 ግራም አካባቢ ይወርዳል፤ ፖታሲየሙ በ1.3 ግራም ይጨምራል። ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3.5 ግራም ፖታሲየም ይመከራልና፣ ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰው ይህ ጭማሪ ጥሩ ስጦታ ነው። ሶዲየሙ ግን አሁንም ከ2 ግራም በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ምትኩ መቀነስን አይተካም። ወጡ ቀዝቀዝ አለ ተብሎ እንደገና ከተቆነጠረበት ደግሞ ትርፉ እዚያው ይቀራል። ድብልቁ አዮዲን እንዳለበትም ማሸጊያውን ማየት ያስፈልጋል፤ እንቅርት ለዘመናት ያስቸገረን ሕዝብ ነንና፣ አዮዲን ያለበትን ጨው አስወጥቶ የሌለበትን ማስገባት ሌላ ችግር ይጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው መመሪያ፣ ቤት ውስጥ ለሚጨመረው ጨው ፖታሲየም ያለበትን ምትክ መጠቀምን ለአዋቂዎች ደግፏል። ሕፃናትን፣ እርጉዞችንና ፖታሲየም ከሰውነታቸው በደንብ የማይወጣላቸውን ግን አላካተተም። የአክስቴ ታሪክ ያለው እዚህ መጨረሻው ሐረግ ውስጥ ነው።

ከመጠን ያለፈ ፖታሲየም የሚወጣው በኩላሊት ነው። የጤነኛ ሰው ኩላሊት ብዙ ሙዝ በላህ ብሎ አይጨነቅም፤ ትርፉን በሽንት ይሸኘዋል። ለዓመታት የቆየ ስኳርና ግፊት ግን ኩላሊትን ድምፅ ሳያሰማ ያደክማል። አክስቴ የኩላሊት ምርመራ ውጤቷ «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተብላ ነበር፤ ስላላመማት ረስታዋለች። በዚያ ላይ ለግፊቷ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ትወስዳለች። ሁለቱም ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ኩላሊት ፖታሲየም እንዳያስወጣ ያደርጋሉ። ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታንና ካንዴሳርታንም ከዚያው ወገን ናቸው። ለጉልበት ሕመም እየተገዙ የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ለኢንፌክሽን የሚታዘዘው ኮትራይሞክሳዞልም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋሉ። አምሎዲፒን ግን ከዚህ ነገር የለበትም፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እንዲያውም ፖታሲየምን ይቀንሳል። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የፖታሲየም ጨው 2.5 ግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። አክስቴ ጨውነቱ ደከመብኝ እያለች በቀን ይህን ያህል ትነሰንስ ነበር። ከምስሩና ከቲማቲሙ በሚገኘው ላይ ይህ ተደርቦ፣ መውጫው በር በኩላሊቷም በመድኃኒቶቿም ተጠቧል። ሦስት ሳምንት በቃ። ክፋቱ ደግሞ ፖታሲየም ሲበዛ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም። የእግር መዛል፣ የልብ መዝለል መጣ ማለት ርቆ ሄዷል ማለት ነው፤ አንዳንዱም ሳይሰማው ልቡ ትቆማለች። በትክክል የሚያሳየው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ምትክ ጨው መጀመር የሚፈልግ የስኳር፣ የግፊት ወይም የልብ ሕመምተኛ መጀመሪያ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይጠይቅ፤ ቆርቆሮውንም ይዞት ይሂድ። ሐኪም በአፍ ከተነገረው ይልቅ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቢያይ ይሻለዋል።

ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ፖታሲየም ከቆርቆሮ ባይመጣም ችግር የለም። አንድ መካከለኛ ሙዝ 400 ሚሊ ግራም ያህል አለው፤ 100 ግራም የተቀቀለ ድንች ወይም ምስርም ወደዚያው ይጠጋል፤ አቮካዶ ይበልጣል። የተቆረጠ ድንች ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ግን ከፖታሲየሙ ብዙው አብሮ ይደፋል። ለጤነኛው ኪሳራ ነው፤ ፖታሲየም ቀንሱ ለተባሉት ደግሞ ዘዴ ነው።

አክስቴ ዛሬ ድንቿን በሁለት ውኃ ቀቅላ ትደፋለች። ስፓይሮኖላክቶኑ ቆሞላታል። ጨው ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ ሐኪሟ ሌላ መንገድ መከራት፤ በርበሬዋን ያለ ጨው አስፈጨች፣ የቀኗን ጨው ጠዋት በግማሽ የሻይ ማንኪያ ለክታ በስኒ ታስቀምጣለች፣ ከስኒው ውጭ አትጨምርም። መጀመሪያ ከዕለቱ ምሳ አያልፍላትም ነበር። ወር ከምናምን ሲያልፍ ምላሷ ለመደ፤ አሁን እራት ላይ ስኒው ውስጥ ትንሽ ይተርፋል፣ ሰው ቤት ስትበላ ደግሞ ጨው በዛ የምትለው እሷ ናት። ምስሩ ላይ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ነጭ ሽንኩርቱንም አብዝታለች። ባለፈው ወር ፖታሲየሟ 4.7 ነበር። ልጇ ስልክ ደውላ ምን ልላክልሽ ስትላት «የመድኃኒቴን ስም ጻፊና መጀመሪያ ጠይቂበት» አለቻት።